የላባ ጃኬትና የመኝታ ከረጢት ሳይጓጉል እንዴት ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ ይቀመጣል?

«ጃኬቴን አጥቤ አደረቅሁት፤ ላባው ግን በየክፍሉ ጥግ ተሰብስቦ ጓል ሆነ። ተበላሸ ማለት ነው?» ይህን ጥያቄ በተለያየ አነጋገር ደጋግሜ ስለምጠየቅ መልሱን ከነአሠራሩ በአንድ ቦታ ጽፌዋለሁ። በአጭሩ፣ ጃኬቱ ብዙውን ጊዜ አልተበላሸም፤ ገና አልደረቀም። ስለ መኝታ ከረጢት ወይም በተለምዶ ስሊፒንግ ባግ ስለምንለው ዕቃ የሚቀርበው ጥያቄም ተመሳሳይ ነው። የሚለየው ከረጢቱ ብዙ ላባ ስለሚይዝ ስህተቱ ጎልቶ መታየቱና እርማቱ ረዘም ያለ ጊዜ መውሰዱ ብቻ ነው።

የሚከተሉት ደረጃዎች ለምን እንደሚያስፈልጉ ለመረዳት አንድ ነገር ማወቅ ይበቃል። ዳውን የሚባለው በዝይና በዳክዬ ገላ ላይ ከውጨኛው ላባ ሥር የሚገኘው ለስላሳ ላባ ነው። እንደ ተራ ላባ መሐሉ ላይ ጠንካራ ዘንግ የለውም፤ ከአንዲት ትንሽ እምብርት ወደ ሁሉም አቅጣጫ የሚፈነጥቁ እጅግ ቀጫጭን ክሮች ስብስብ ነው። የሚያሞቀንም ክሮቹ ተዘርግተው በመካከላቸው አየር ስለሚይዙ ነው። ውሃ ሲነካቸው ክሮቹ እርስ በርስ ይጣበቃሉ፤ አንዱ ላባ ከሌላው ጋር ተያይዞም ጓል ይሠራል። የውጩ ጨርቅ ስስ በመሆኑ ቶሎ ይደርቃል፤ በጓሉ ልብ ውስጥ የተያዘው ውሃ ግን ጓሉ እስካልተበተነ ድረስ መውጫ አያገኝም። ስለዚህ የሥራው ዋና ክፍል ማጠቡ ሳይሆን ማድረቁ ነው፤ ይህ መመሪያም ረጅሙን ቦታ የሚሰጠው ለእርሱ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ለላባ ልብስ የተዘጋጀ ፈሳሽ ሳሙና፤ እርሱ ካልተገኘ ሽታና ቀለም ያልተጨመረበት ለስላሳ ፈሳሽ ሳሙና በትንሹ
- በሩ ከፊት የሚከፈት የልብስ ማጠቢያ ማሽን፣ ወይም ዕቃውን በምቾት የሚይዝ ገንዳ ወይም ሰፊ ሳፋ
- ሙቀቱ የሚስተካከልና ከበሮው ሰፊ የሆነ የልብስ ማድረቂያ ማሽን
- ቀለም የማይለቁ 3 ንጹሕ የቴኒስ ኳሶች
- ግራም የሚያሳይ የወጥ ቤት ሚዛን
- ለስላሳ የጥርስ ብሩሽና ትልቅ ፎጣ
- ለማስቀመጫ የሚሆን፣ አየር የሚያስገባ ሰፊ የጥጥ ወይም የመረብ ከረጢት

ሚዛኑ በዝርዝሩ ውስጥ መግባቱ ሊያስገርምዎ ይችላል። ይሁን እንጂ አንድ ዕቃ እንድቀንስ ብገደድ የማስቀረው የቴኒስ ኳሶቹን እንጂ ሚዛኑን አይደለም፤ ምክንያቱን በ7ኛው ደረጃ ያገኙታል።

1. በልብሱ ላይ የተሰፋውን የአያያዝ ምልክት ያንብቡ።

ውሃ የያዘ ሳፋ የሚመስለው ምልክት በውሃ መታጠብ እንደሚቻል ያመለክታል፤ በውስጡ የተጻፈው ቁጥር ከፍተኛውን የውሃ ሙቀት በዲግሪ ሴልሺየስ ይነግርዎታል። በአራት ማዕዘን ውስጥ ያለ ክብ የማድረቂያ ማሽን ምልክት ሲሆን በክቡ ውስጥ ያለች አንዲት ነጥብ ዝቅተኛ ሙቀትን ታመለክታለች። ምልክቱ በመስቀል ከተሰረዘ ያ ሥራ ተከልክሏል ማለት ነው። ይህ መመሪያና ምልክቱ ከተለያዩ ምልክቱን ይከተሉ፤ ጨርቁንና ክሩን የመረጠው አምራቹ ነውና።

2. ዕቃውን ደረቅ እንደሆነ ይመዝኑና ክብደቱን ይጻፉ።

ኪሶቹን ባዶ ያድርጉ፤ ተነቃይ ኮፍያ ካለው አብሮ ይመዘን። ዕቃው በጥሩ ሁኔታ የደረቀ ሊሆን ይገባል፤ ከዝናብ የገባ ጃኬት ከሆነ አንድ ቀን ተሰቅሎ ይቆይ።

3. ለመታጠብ ያዘጋጁት።

ዚፖቹን በሙሉ ይዝጉ፤ የሚጣበቁ ማያያዣዎችንም ያጣብቁ። ክፍት የሆነ የዚፕ ጥርስም ሆነ የማያያዣው ሻካራ ገጽ ስሱን ጨርቅ ይቧጭራል። ቀጥሎ ስፌቱን በጣትዎ እየዳሰሱ ቀዳዳ ይፈልጉ። ትንሽም ብትሆን ቀዳዳ ያለ ጥገና ወደ ማሽን መግባት የለባትም፤ ሲታጠብ በዚያች ቀዳዳ የሚወጣው ላባ ከሚገምቱት በላይ ነው። በጨርቁ መካከል ብቅ ያለ ላባ ካዩ ወደ ውጭ አይሳቡት፤ እያንዳንዱ የሚሳብ ላባ ሌሎችን ተከትለው እንዲወጡ መንገድ ይከፍታል። ከጀርባ በኩል ቆንጥረው ወደ ውስጥ ይመልሱት።

የአንገቱንና የእጅጌውን ጫፍ ወይም የመኝታ ከረጢቱን የራስ መሸፈኛ ጥቂት ሳሙና በውሃ አቅጥነው በጥርስ ብሩሹ ቀስ ብለው ይሹት። የገላ ወዝ የሚጠራቀመው እዚያ ነው። ብዙ ጊዜ ይህን ብቻ ማጽዳት ይበቃና ሙሉ እጥበቱ ለሌላ ዓመት ይተላለፋል፤ ይህ ከተቻለ እኔም የምመርጠው እርሱን ነው።

የመኝታ ከረጢቱ የውጭ ጨርቅ ውሃ የማያስገባ ከሆነ ገልብጠው ይጠቡት። በውስጠኛው ጨርቅ በኩል ውሃውና ሳሙናው በቀላሉ ይገባሉ፤ ሲጨመቅም በዚያው ይወጣሉ።

4. ይጠቡት።

*በማሽን ከሆነ፦* ዕቃውን ለብቻው ያስገቡ። ሙቀቱን 30 ዲግሪ፣ ዙሩን ደግሞ ለስላሳ ልብስ የሚታጠብበት ላይ ያድርጉ፤ የመጭመቂያውን ፍጥነት ማሽኑ ወደሚፈቅደው ዝቅተኛ መጠን ያውርዱ። የሳሙና ሳጥኑ ውስጥ ካለፈው እጥበት የቀረ የዱቄት ሳሙና ወይም የማለስለሻ ቅሪት ካለ አስቀድመው በሙቅ ውሃ ያጽዱት። የሳሙናውን መጠን ጠርሙሱ ላይ ከተጻፈው አያሳልፉ።

ማስጠንቀቂያ፦ ከላይ የሚከፈትና መሐሉ ላይ የሚያማስል ምሰሶ ያለው ማሽን አይጠቀሙ። የላባ ዕቃ በውስጡ አየር ስለሚይዝ ውሃው ላይ ይንሳፈፋል፤ ምሰሶው አንዱን ጫፍ ይዞ ሲጠመዝዘው ክፍሎቹን የሚለዩት ስስ የውስጥ ጨርቆች ይቀደዳሉ። ቅዳዱ ከውጭ አይታይም። በኋላ ግን ላባው ከክፍል ወደ ክፍል እየተሻገረ አንዱ ቦታ ባዶ፣ ሌላው የተወጠረ ይሆናል፤ ይህን ደግሞ ምንም ዓይነት ማድረቅ አይመልሰውም።

*በእጅ ከሆነ፦* ለብ ባለ ውሃ ገንዳውን ይሙሉና ሳሙናውን አስቀድመው ያዋሕዱት። የመኝታ ከረጢቱን በትንሿ የጉዞ መጠቅለያ ውስጥ እንደታመቀ ወደ ውሃው ያጥልቁና እዚያው ከውሃ በታች ያውጡት። እንዲህ ሲያደርጉ የታመቀው ላባ ሲለቀቅ በአየር ፋንታ ውሃ ይስባል፤ አለበለዚያ እንደ ፊኛ ተነፍቶ ሲንሳፈፍ ግማሽ ሰዓት ሲታገሉት ይቆያሉ። ጃኬት ከሆነ አጥብቀው ጠቅልለው ያስገቡት። ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ይዘፍዝፉት፤ ከዚያ በመዳፍዎ ከላይ ወደ ታች እየተጫኑ ይጠቡት። ማሸት፣ መጠምዘዝና መውቀጥ የተከለከለ ነው።

ተራ የዱቄት ሳሙና የማይመከረው ሁለት ጉዳት ስላለው ነው። አንደኛ፣ ጠንካራ ስለሆነ በላባው ላይ ያለውን ጥቂት የተፈጥሮ ቅባት ያጥባል፤ ቅባቱን ያጣ ክር ይደርቅና ይሰባበራል። ሁለተኛ፣ በክሮቹ መካከል የሚቀር ቅሪቱ ውሃ ይስባል፤ ልብሱም በትንሽ እርጥበት ይጓጉላል። የልብስ ማለስለሻ ክሮቹን በስስ ሽፋን ስለሚለብጣቸው እንዳይዘረጉ ያደርጋል። በረኪና ደግሞ ላባውንም ጨርቁንም ይበላል።

5. ሳሙናው እስኪያልቅ ያለቅልቁት።

ማሽኑ በራሱ የሚያደርገው ማለቅለቅ አይበቃም፤ ያለ ሳሙና ቢያንስ ሁለት ተጨማሪ ዙር ያስኬዱ። በእጅ ከሆነ ውሃውን አፍስሰው በንጹሕ ውሃ እየተኩ ከሦስት እስከ አምስት ጊዜ ይደግሙት። መለኪያው ቀላል ነው፦ አንዱን ክፍል በቡጢዎ ጨብጠው ይጫኑት፤ የሚወጣው ውሃ ነጭ አረፋ ይዞ ከወጣ አልጨረሱም። በክሮቹ መካከል የደረቀ ሳሙና እንደ ሙጫ ስለሚይዛቸው እዚህ ላይ የሚቆጥቡት ሩብ ሰዓት በማድረቂያው ላይ ብዙ ሰዓት ያስከፍልዎታል።

6. ሲያወጡት ከሥሩ ደግፈው ያንሡት።

ውሃ የጠጣ የመኝታ ከረጢት ደረቅ ሳለ ከነበረው ክብደት በብዙ እጥፍ ይከብዳል። አንዱን ጫፍ ይዘው ብድግ ካደረጉት ክብደቱ ሁሉ በውስጠኛው ስስ ጨርቅ ላይ ይወድቅና ይቀድደዋል። በገንዳው ውስጥ እንዳለ ውሃውን በመዳፍዎ እየተጫኑ ያስወጡ፤ ከዚያ ሁለቱን ክንድዎን ከሥሩ አስገብተው እንደተኛ ሕፃን ያንሡትና በፎጣ ላይ ያሳርፉት። በፎጣው ጠቅልለው እንደገና ይጫኑት። በዚህ ሁኔታ ላይ ሳለ በገመድ ላይ ፈጽሞ አይሰቀል። ማሽን ካለዎ በዝቅተኛ ፍጥነት አንድ ተጨማሪ የመጭመቂያ ዙር ያስኬዱ፤ በማድረቂያው ላይ ብዙ ጊዜ ያተርፋል።

በዚህ ደረጃ የሚያዩት ነገር ያስደነግጣል። ልብሱ ጠፍጣፋ ጨርቅ ይሆናል፤ በየክፍሉም እንደ እርጥብ ጥጥ የተድበለበለ ነገር ይታያል፤ የእንስሳ ሽታም ይኖረዋል። ሦስቱም የተለመዱ ናቸው።

7. ያድርቁት።

ማድረቂያውን በዝቅተኛ ሙቀት ላይ ያድርጉ። የላባ ልብስ ጨርቅ በአብዛኛው ናይሎን ወይም ፖሊስተር ነው፤ ከልክ ያለፈ ሙቀት ይጨመድደዋል፣ ሲብስም ያቀልጠዋል። ሙቀቱ በዛ አልበዛ ለማወቅ ከአሥር ደቂቃ በኋላ በሩን ከፍተው የዚፑን እጀታ ይያዙ፤ ጣትዎን የሚያቃጥል ከሆነ በዝቷል። በተለይ የማያውቁትን ማሽን በላውንደሪ ሲጠቀሙ ይህን ሳያደርጉ አይሂዱ።

ከበሮው ዕቃው እንደልቡ ተነሥቶ የሚወድቅበት ስፋት ያስፈልገዋል። በጠባብ ከበሮ ውስጥ የተጨናነቀ ከረጢት ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ ይዞራል፤ ከውጭ ይግላል፣ ከውስጥ ግን እርጥብ እንደሆነ ይቀራል። የቴኒስ ኳሶቹን ከመጀመሪያው ጀምሮ ማስገባት ይችላሉ፤ ዋናው ጥቅማቸው የሚታየው ግን ላባው ከግማሽ በላይ ሲደርቅ ነው። በዚያን ጊዜ እየወደቁ ሲመቱት ጓሎቹን ይፈረካክሳሉ።

ኳሶቹ ብቻቸውን ግን ሥራውን አይጨርሱም። በየግማሽ ሰዓቱ ዕቃውን አውጥተው በሰፊ ጠረጴዛ ወይም አልጋ ላይ ይዘርጉትና እያንዳንዱን ክፍል በጣትዎ ይዳስሱ። ጓል ሲያገኙ በሁለቱ እጅዎ አውራ ጣትና ጠቋሚ ጣት በጨርቁ ላይ እንዳለ ይያዙትና በቀስታ ወደ ጎንና ወደ ጎን ይለያዩት፤ በኃይል አይጎትቱት። መጀመሪያ ላይ ጓሉ እንደ ባቄላ ፍሬ ጠንከር ያለ ሆኖ ይሰማዎታል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲደግሙት ይፈታል። ማሽኑ የማይደርስባቸው ማዕዘኖች ሦስት ናቸው፦ የብብት ሥር፣ የኮፍያው ጠርዝና የመኝታ ከረጢቱ የእግር ጫፍ። ጊዜ ካጠረዎ እነርሱን አይዝለሉ።

አሁን ወደ ሚዛኑ እንመለስ። የራሴን የመኝታ ከረጢት ያጠብሁበትን አንድ ቀን በምሳሌነት ልጥቀስ። ከመታጠቡ በፊት 1,180 ግራም ይመዝን ነበር። ከመጭመቂያው ሲወጣ 2,050 ግራም ሆነ፤ ማለትም 870 ግራም ውሃ ተሸክሟል። ከአንድ ሰዓት ማድረቅ በኋላ 1,560፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ 1,330፣ ከሦስት ሰዓት በኋላ 1,240 ግራም መዘነ። በሦስተኛው ሰዓት ላይ ከረጢቱ ተነፍቶ ነበር፤ ጨርቁ ሞቅ ብሎ ደርቋል፤ በእጅ የሚዳሰስ እርጥበትም አልነበረም። ሚዛን ባይኖረኝ ያለ ጥርጥር አጥፌ አስቀምጠው ነበር። ሚዛኑ ግን 60 ግራም ውሃ ገና በላባው ውስጥ እንዳለ ነገረኝ፤ ያ ደግሞ ከትንሽ የቡና ሲኒ ያላነሰ ውሃ ነው። ከአንድ ሰዓት ተኩል ተጨማሪ ማድረቅ በኋላ ወደ 1,172 ወረደ፤ በማግስቱ ቀዝቅዞ ስመዝነው 1,178 ሆነ።

የመጨረሻዋ ልዩነት ግራ እንዳታጋባዎ። ላባ ከአካባቢው አየር ጥቂት እርጥበት ስለሚስብ ከማድረቂያው ትኩስ ሲወጣ ከልማዱ ትንሽ ይቀልላል፤ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። የታጠበው ቆሻሻም ጥቂት ግራም ሊቀንስ ይችላል። ስለዚህ ሁለት ነገሮች ሲገጥሙ ደርቋል ይበሉ፦ ክብደቱ ከመታጠቡ በፊት ከነበረው ሳይበልጥ ሲቀርና በሁለት ተከታታይ የግማሽ ሰዓት ዙሮች መካከል ለውጥ ሳያሳይ ሲቆም። ሚዛን ከሌለዎ ልብሱን በብርቱ መብራት ፊት ይያዙት፤ ያልተበተነ ጓል በብርሃኑ ውስጥ እንደ ጥቁር ነጥብ ይታያል። አፍንጫዎም ያግዝዎታል፤ የእንስሳ ሽታው ገና ካለ ውሃው ገና አለ ማለት ነው።

ለጃኬት ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት፣ ለመኝታ ከረጢት ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት ይመድቡ።

*ማድረቂያ ማሽን ከሌለዎ፦* ሥራው ይቻላል፤ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል። ዕቃውን አየር ከታችም በሚያገኘው መረብ ወይም በርከት ባሉ ትይዩ ገመዶች ላይ አግድም ይዘርጉት፤ ነፋስ ያለበትን ጥላ ይምረጡ፤ ብርቱ ፀሐይ ለረጅም ጊዜ ናይሎንን ያደክማልና። በየሰዓቱ ይገልብጡት፤ ጓሎቹንም ከላይ በተገለጸው መንገድ በእጅ ይፍቱ። ሌሊት ወደ ቤት ያስገቡት፤ ቬንቲሌተር ካለ ፊት ለፊቱ ያድርጉት። ለጃኬት ሁለት ቀን፣ ለመኝታ ከረጢት ከዚያም በላይ ሊወስድ ይችላል። ደመናማና እርጥብ በሆነ ሳምንት ግን አይጀምሩት፤ ለቀናት እርጥብ ሆኖ የቆየ ላባ ይሻግታል፤ የሻገተ ሽታ ደግሞ በድጋሚ እጥበትም ሁልጊዜ አይለቅም።

8. አሳርፈው ያስቀምጡት።

ከደረቀ በኋላ አንድ ሙሉ ቀን በቤት ውስጥ ተዘርግቶ ይቆይ። ከዚያ ጃኬቱን በሰፊ መስቀያ ላይ ሌላ ልብስ ሳይጫነው ይስቀሉት። የመኝታ ከረጢቱን በሰፊው የጥጥ ወይም የመረብ ከረጢት ውስጥ ሳያምቁ ይክተቱት፤ ቦታ ካለ ከአልጋ ሥር ተዘርግቶ ወይም ተሰቅሎም ሊቀመጥ ይችላል። በትንሿ የጉዞ መጠቅለያ ውስጥ ለወራት የታመቀ ላባ ክሮቹ ታጥፈው ይቀሩና ሲወጣ ሙሉ በሙሉ አይነፋም፤ ያ መጠቅለያ ለጉዞ ቀናት ብቻ ነው። አየር በሚመጥጥ የፕላስቲክ ከረጢት ማሸግም ያው ጉዳት አለው፤ በላዩ ላይ የቀረችውን እርጥበት ቆልፎ ይይዛታል። በመኪና ኮፈን፣ ለውጭ ግድግዳ በተጠጋ ቁም ሣጥንና በሲሚንቶ ወለል ላይ አያስቀምጡት።

በተደጋጋሚ የማያቸው ስህተቶች

ከሁሉም የሚበዛው ጨርቁን ዳሶ «ደርቋል» ብሎ ማቆም ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ጊዜ ለማሳጠር ሙቀቱን ከፍ ማድረግ ነው፤ ጨርቁ ይጎዳል፣ የጓሉ ልብ ግን እንደረጠበ ይቀራል። ሦስተኛው ከሌላ ልብስ ጋር ቀላቅሎ ማጠብ ነው፤ የጂንስ ዚፕና ቁልፍ በስሱ ጨርቅ ላይ ምን እንደሚሠራ ለማወቅ አንድ ጊዜ ይበቃል። በኬሚካል የሚታጠብበት ደረቅ እጥበትም፣ ምልክቱ ካላዘዘ በቀር፣ የላባውን ቅባት ስለሚያሟጥጥ አይመከርም።

ጃኬትዎ አስቀድሞ ታጥቦ ከጓጎለ በመጀመሪያ ከ7ኛው ደረጃ ይጀምሩ፦ በዝቅተኛ ሙቀት ከኳሶቹ ጋር አንድ ሰዓት ያዙሩትና በእጅ ይፍቱት። አብዛኛው በዚህ ይመለሳል። ጓሎቹ ፍጹም ደርቀውም ሲጨበጡ የሚንኮሻኮሹና የማይፈቱ ከሆነ የያዛቸው ውሃ ሳይሆን ሳሙና ነው፤ ያለ ምንም ሳሙና ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፈው አረፋው እስኪጠፋ ያለቅልቁትና ማድረቁን እንደ አዲስ ይጀምሩ። ጓል ሳይኖር ላባው ወደ አንድ ጎን ሸሽቶ ሌላው ክፍል ባዶ ከቀረ ግን የውስጥ ግድግዳው ተቀድዷል፤ ይህ የማጠብ ሳይሆን የልብስ ሰፊ ሥራ ነው።